ክሪያቲን በእረፍት ቀን

ክሪያቲን የሚወሰደው በስፖርት ቀን ብቻ ሳይሆን በእረፍት ቀንም ነው፤ ዱቄቱ የሚጠቅመው በተዋጠበት ሰዓት አይደለምና። ቡና የጠጣ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይነቃቃል። ካፌይኑ በደም ውስጥ እስካለ ድረስ ይሠራል፣ ከደም ሲጠራ ሥራው ያበቃል። ብዙ የጂም ደንበኞች ክሪያቲንንም በዚሁ ዓይን ያዩታል። ብረት ከማንሳታቸው በፊት በጥብጠው ይጠጡታል፤ ጂም በማይሄዱበት ቀን ደግሞ ዛሬ ምን ያደርግልኛል ብለው ጣሳውን ሳይከፍቱት ይውላሉ። ክሪያቲን ግን በደም ውስጥ እየዞረ ሳለ ለጡንቻው ገና ብዙም አልጠቀመም። የሚጠቅመው ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ከተከማቸ በኋላ ነው፤ ክምችቱም የሚሞላው በቀናትና በሳምንታት ነው።

70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ በተለምዶ 120 ግራም ገደማ ክሪያቲን ይገኛል። ከዚህ ውስጥ 95 በመቶ ያህሉ ጡንቻ ውስጥ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር የሚያቃጥለው ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ምንጭ ነው፤ ይህ ግን በጥቂት ሰከንዶች ከባድ ሥራ ተሟጥጦ የሚያልቅ ትንሽ ስንቅ ነው። ፎስፌት ተሸክሞ የተቀመጠው ክሪያቲን ያን ፎስፌት በፍጥነት እየሰጠ ኤቲፒውን መልሶ ይሠራዋል። ስለዚህ ክምችቱ የሞላለት ሰው ከባድ ብረት ሲያነሳ ወይም አጭር ርቀት በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ አንድ ሁለት ድግግሞሽ ሊጨምር፣ በዙሮች መካከልም ቶሎ ሊያገግም ይችላል። ለረጅም የእግር ጉዞና ለዝግታ ሩጫ ግን እምብዛም አይረዳም።

ክምችቱ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። በየቀኑ ከጠቅላላው 1.7 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ቀስቃሽ ራሱ ወደ ክሪያቲኒን ይለወጥና በሽንት ይወጣል። ይህ ለዚያው 70 ኪሎ ሰው በቀን 2 ግራም አካባቢ ማለት ነው። ግማሽ ያህሉን ኩላሊትና ጉበት ተባብረው ከአሚኖ አሲዶች ይሠሩታል፤ የቀረው ከሥጋና ከዓሣ ይመጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ክሪያቲን ይይዛል፣ ሲበስልም ጥቂቱ ይጠፋል። ጣሪያ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከሥሩ በጥቂቱ እንደሚያንጠባጥብ ሮቶ ማሰብ ይቻላል፤ ማንጠባጠቡ ሰኞና እሑድን አይለይም። ጂም ያልተሄደበት ቀንም እንደ ሌላው ቀን ድርሻውን ይወስዳል።

የአወሳሰዱ መጠን የተመሠረተበት ዋና ጥናት ስዊድናዊው ኤሪክ ሁልትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ነው። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ለ6 ቀን በየቀኑ 20 ግራም ወሰዱ፤ የጡንቻቸው ክሪያቲንም በ20 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ሌሎቹ ለ28 ቀን በየቀኑ 3 ግራም ብቻ ወሰዱ። እነዚህም ዘግይተው ይሁን እንጂ እዚያው ደረጃ ደረሱ። ከፍ ካለ በኋላ በቀን 2 ግራም የወሰዱት ደረጃውን ጠብቀው ቆዩ፤ ያቆሙት ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። የእረፍት ቀን ጥያቄ መልስም ከእነዚህ ቁጥሮች ይወጣል።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብረት የሚያነሳ ሰው ይታሰብ። በየቀኑ 3 ግራም ቢወስድ በ28 ቀን 84 ግራም ይሆናል። ያንኑ 3 ግራም በስፖርት ቀን ብቻ ቢወስድ ግን በሳምንት የሚያገኘው 9 ግራም ነው፤ 84 ግራም ለመድረስ ከዘጠኝ ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። ያም የሂሳብ ቁጥር ብቻ ነው። በመሃል ባሉት አራት ቀናት የተጠራቀመው መልሶ ስለሚሸረሸር፣ ይህ ሰው ሌላው በወር የደረሰበት ደረጃ ላይ ጨርሶ ላይደርስ ይችላል። ከዚያም በሁለተኛው ወር ክሪያቲን አልሠራልኝም ብሎ ጣሳውን ለጓደኛው ይሰጣል።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን ማጋነን አያስፈልግም። ክምችቱ አንዴ የሞላለት ሰው በሦስቱ የስፖርት ቀናት 5 ግራም ቢወስድ በሳምንት 15 ግራም ያገኛል፤ ለሰባት ሲካፈል በቀን ከ2 ግራም ጥቂት ይበልጣል። ይህ ከላይ የተጠቀሰው የመጠበቂያ መጠን ስለሆነ ብዙ አይጎዳበትም። ችግሩ ሕይወት እንዲህ በተስተካከለ ልክ አለመሄዱ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የተገኘ ሰው ድርሻው ወደ 1.4 ግራም ይወርዳል፤ ጉንፋን ይዞት ወይም ለቅሶ ተቀምጦ ሁለት ሳምንት ጂም የቀረ ደግሞ ምንም አይወስድም። ዱቄቱን ከጂም ጋር ያሰረ ሰው ጂም በቀረ ቁጥር ሁለቱንም ያጣል። በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም መውሰድ የተመረጠው በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ ቀን መርሳት ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። በዚያ ቀን የሚጠፋው ከክምችቱ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ብረት ላይ የሚታወቅ ለውጥም አያመጣም። በማግስቱ የተለመደውን መጠን መቀጠል ይበቃል። ለማካካስ እጥፍ የሚወስዱ አሉ፤ ይህ አደገኛ ባይሆንም ትርፉ የሆድ ቁርጠት ሊሆን ይችላል፣ ጡንቻው የማይቀበለውም በሽንት ይወጣል።

ከስፖርት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ክርክር በጂሞች ውስጥ ከሚገባው በላይ ቦታ አግኝቷል። መነሻው ጨርሶ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮጀር ሃሪስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በአንድ እግራቸው ብቻ እንዲሠሩ ተደርጎ፣ የሠራው እግር ካልሠራው የበለጠ ክሪያቲን ወስዶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ጆዜ አንቶኒዮና ቪክቶሪያ ሲኮኔ 19 ወንዶችን ለአራት ሳምንት ተከታትለው፣ 5 ግራሙን ከስፖርት በኋላ የወሰዱት በፊት ከወሰዱት ትንሽ እንደተሻሉ ጽፈዋል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን ጥቂት፣ ልዩነቱም ጠባብ ነበር፤ በኋላ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የተሠራ ረዘም ያለ ጥናት በፊትና በኋላ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በ2013ቱ ጥናት ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ሁለቱም ቡድኖች በእረፍት ቀናቸውም ይወስዱ ነበር፣ ሰዓቱም በተመቻቸው ጊዜ እንዲሆን ተተወላቸው።

ሰዓቱ ብዙ ለውጥ የማያመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተዋጠ ክሪያቲን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከብረት ማንሳት ግማሽ ሰዓት በፊት የተጠጣውም ከኋላ የተጠጣውም በብዛት ጡንቻው የሚደርሰው ስፖርቱ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ክምችቱ እየሞላ ሲሄድ ጡንቻው የሚቀበለው መጠን ይቀንሳል። ስፖርት መቀበሉን ቢያፋጥነውም፣ በሞላ ጡንቻ ላይ ፍጥነቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ የተሻለው ሰዓት የማይረሳው ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ከቁርስ ጋር፣ ለሌላው ከእራት በኋላ ጥርሱን ከመቦረሹ በፊት ሊሆን ይችላል።

ይህ ለሚጾሙ ሰዎች ጉዳዩን ያቀለዋል። በረመዳን የሚጾም ሰው በአፍጥር ወይም በሱሁር ሊወስደው ይችላል፤ ስፖርቱን በየትኛው ሰዓት ቢሠራም የሚጎድልበት ነገር የለም። በዐቢይ ጾም ለ55 ቀናት ከሥጋና ከወተት በሚርቁ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ከምግብ የሚገባው ክሪያቲን ወደ ምንም ይጠጋል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች የጡንቻ ክምችታቸው ዝቅ ያለ፣ ማሟያ ሲወስዱም ጭማሪው ጎላ ያለ ሆኖ ይታያል። በገበያ የሚሸጠው ዱቄት ከሥጋ የተጨመቀ ሳይሆን በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ ነው። በእንክብል የሚመጣው ግን ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ጄላቲን ስለሚሠራ ማሸጊያውን ማንበብ ይገባል።

በየቀኑ መውሰድን የሚያቋርጡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያቋርጡት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አንዱ ምክንያት የሆድ መረበሽ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት የሚታዘዘው 20 ግራም በአንዴ ከተጠጣ ተቅማጥ ያስከትላል፤ የሚወሰደው አራት ቦታ ተከፍሎ፣ ከምግብ ጋር ነው። ለውድድር ያልቸኮለ ሰው ደግሞ ይህን ሳምንት ዘሎ በ3 ወይም በ5 ግራም ቢጀምር ከወር በኋላ የሚደርሰው እዚያው ነው። ሌላው ሚዛኑ ነው። ክሪያቲን ወደ ጡንቻ ሲገባ ውኃ ይዞ ስለሚገባ፣ በተለይ በብዛት ለሚጀምር ሰው ክብደቱ በሳምንት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ስብ ግን አይደለም። በጥቅሉ ውስጥ የሚመጣው መስፈሪያም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አንዱ ስንት ግራም እንደሚይዝ ከማሸጊያው ላይ ማየት ያስፈልጋል። በውኃ የተበጠበጠው ለቀናት ከተቀመጠ ቀስ በቀስ ወደ ክሪያቲኒን ስለሚለወጥ በዚያው ቀን መጠጣት አለበት፤ ከብርጭቆው ሥር የዘቀጠውም አብሮ ይጠጣል፣ መጠኑ ከፊሉ እዚያ ነውና።

በየቀኑ የሚወስድ ሰው የደም ምርመራ ሲያደርግ የክሪያቲኒን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ክሪያቲኒን የኩላሊት ሥራ መለኪያ በመሆኑ ውጤቱ ያስደነግጣል፤ ከማሟያው የሚመጣው ጭማሪ ግን ለብቻው የኩላሊት ጉዳት ምልክት አይደለም። ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ካስፈለገም ሲስታቲን ሲ የተባለውን፣ በክሪያቲን የማይነካውን ምርመራ ሊያዝ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሐኪም ሳይነጋገሩ አይጀምሩም።

ከተፈጥሮ ክምችታቸው ቀድሞውኑ ለመሙላት የተቃረበ ሰዎችም አሉ። እነዚህ በየቀኑ ሳያቋርጡ ቢወስዱም የሚያገኙት ጥቂት ነው። ይህን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳምንት ሳያቋርጡ ወስዶ፣ በአንድ ዓይነት ክብደት የተነሳውን ድግግሞሽ ከቀድሞው ማስታወሻ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በስፖርት ቀን ብቻ የወሰደ ሰው ግን ከእነዚህ ወገን ይሁን ወይም ክምችቱ ሳይሞላ ይቅር መለየት አይችልም።