የትንበያ መስመራችን ለምን አንዳንዴ ያብዳል? አጥሩስ እንዴት ይታጠር?



አሁን አሁን ብዙ ላኪዎችና ዩኒየኖች ዋጋ በራሱ የሚገባበት ሺት አላቸው። ጠዋት ሲከፈት የአዲሱ ቀን ዋጋ ይገባል፣ የቆየው ይወጣል፣ ግራፉ ላይ ያለው የትንበያ መስመርም እንደገና ተሰርቶ «ከ14 ቀን በኋላ ዋጋው ይሄ ነው» ይላል። ነገሩ ምቹ ነው። ግን አንዳንድ ቀን ቡና ከዜሮ በታች ሲተነበይ፣ ወይም ዋጋው ሳምንት ሙሉ ሳይነቃነቅ መስመሩ ወደ ሰማይ ሲወጣ ታያላችሁ። ከዜሮ በታች ያለውን ማንም አያምነውም። አደገኛው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። በሱ ተማምኖ ጀንፈል የሚይዝ አቅራቢ ወይም ተሻምቶ የሚገዛ ላኪ ኪሳራው እውነተኛ ብር ነው።

ዛሬ ይሄ ከየት እንደሚመጣና በሁለት ፎርሙላ እንዴት እንደሚታጠር በቁጥር እናያለን። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

መስመሩ ምን ያደርጋል?

የመጨረሻዎቹን 10 ቀናት ዋጋ ወስዶ በመሃላቸው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ከዚያ «በአማካይ በቀን ስንት ብር ጨመረ» የሚለውን ይዞ ወደፊት ይቀጥላል። ሌላ ምንም አያውቅም። ዝናብ፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የብራዚል ውርጭ የሚባል ነገር ለሱ የለም።

የአንድ ፈረሱላ ዋጋ ለ10 ቀን እንዲህ ነበር እንበል፦ 8500፣ 8520፣ 8490፣ 8530፣ 8550፣ 8540፣ 8570፣ 8560፣ 8590፣ 8600። መስመሩ በቀን 11 ብር ገደማ ጭማሪ ያገኛል፣ ከ14 ቀን በኋላም 8752 ይላል። ጤነኛ ነው። ዛሬ ካለው 8600 በ2 በመቶ እንኳን አይርቅም።

አዲስ ዋጋ ሲገባ ግን መስመሩ ከነበረበት ላይ ትንሽ አይስተካከልም፤ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሰራል። አዲሱ ዋጋ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጫፍ ላይ ነው። ሚዛን የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፦ ከመሃል የራቀ ክብደት ክንዱን የበለጠ ያዘነብላል። ስለዚህ ከአስሩ ውስጥ ትንበያውን ለማጣመም ትልቁ ጉልበት ያለው፣ ገና ያልተጣራው የዛሬ ዋጋ ነው።

አንደኛው እብደት፦ የተበላሸ ዋጋ

በ11ኛው ቀን ዋጋው የመጣው በፈረሱላ ሳይሆን በኪሎ ነው እንበል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 8600 የነበረው 506 ሆኖ ይገባል። መስመሩ እንደገና ሲሰራ በቀን 430 ብር ቅናሽ ያገኛል፣ ከ14 ቀን በኋላም ዋጋው ከዜሮ በታች 215 ብር ይሆናል። አንድ ቁጥር ብቻ ነው ይህን ያደረገው።

ዜሮም እንደዚሁ ነው። ገበያ በሌለበት ቀን አንዳንድ ምንጭ ባዶ ከመተው 0 ይሞላል፣ ሺቱ ደግሞ ዜሮን እንደ ዋጋ ይቆጥረዋል። በእህል በኩል ኩንታልና ኪሎ ሲቀላቀሉ፣ በኒውዮርክ ዋጋ ደግሞ በፓውንድ ሳንቲምና በፓውንድ ዶላር ሲቀላቀሉ ውጤቱ አንድ ነው።

መከላከያው መስመሩ ከመሰመሩ በፊት አስሩን ዋጋ ከመሃለኛው ዋጋ ጋር ማስተያየት ነው። አማካይ አይሆንም፣ ምክንያቱም አማካዩን ራሱን የተበላሸው ዋጋ ይጎትተዋል። መሃለኛው፣ ማለትም ዋጋዎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው፣ በአንድ ስህተት አይነቃነቅም። ሺታችሁ ላይ ቀኑ A፣ ዋጋው B ዓምድ ላይ ከሆነ፣ አዲሱም ከላይ 2ኛው ረድፍ ላይ ከገባ፣ D2 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=IF(OR(MIN(B2:B11)<0.85*MEDIAN(B2:B11),
       MAX(B2:B11)>1.15*MEDIAN(B2:B11)),
   "ዋጋው ይጣራ",
   FORECAST(A2+14, B2:B11, A2:A11))
```

ከመሃለኛው በ15 በመቶ የራቀ ዋጋ ካለ ትንበያ አይሰጥም። ለምን የዛሬውን ብቻ ሳይሆን አስሩንም እንደሚያይ ልብ በሉ። የዛሬውን ብቻ ቢፈትሽ ኖሮ፣ የተበላሸው 506 ነገ ወደ 3ኛው ረድፍ ወርዶ ሳይታይ ያልፋል፣ ከዚያም ለዘጠኝ ቀን ትንበያውን ያበላሻል። «ዋጋው ይጣራ» ሲል ሄዳችሁ ምንጩ ላይ አስተካክሉ። ዋጋው እውነት ሆኖ ከተገኘ አትንኩት፤ ትንበያው ግን እስኪረጋጋ ዝም ይበል።

ሁለተኛው እብደት፦ ደረጃን ዳገት አድርጎ ማንበብ

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የሚያታልለው። በ11ኛው ቀን ዋጋው በእውነት ዘሎ 9300 ገባ እንበል። ትክክለኛ ዋጋ ነው፣ የመጀመሪያውን ፍተሻ ያልፋል። መስመሩ ከ14 ቀን በኋላ 9539 ይላል። እሺ፣ ያስኬዳል።

አሁን ዋጋው እዚያው 9300 ላይ ቆመ። በ12ኛው፣ በ13ኛው፣ በ14ኛው፣ በ15ኛው ቀን ምንም ለውጥ የለም። ገበያው ረግቷል። መስመሩ ግን በየጠዋቱ እንደገና ሲሰራ ይብስበታል። በ15ኛው ቀን ከአስሩ ዋጋ አምስቱ ዝቅተኛ፣ አምስቱ ከፍተኛ ናቸው። መስመሩ በቀን 112 ብር ጭማሪ አለ ብሎ ከ14 ቀን በኋላ 11008 ይላል! አራት ቀን ሙሉ አንድ ብር ያልጨመረ ገበያ ላይ ነው ይህን የሚለው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዋጋው የወጣው አንድ ደረጃ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ግን ደረጃ መሳል አይችልም፣ ዳገት ብቻ ነው የሚያውቀው። ደረጃው ከአስሩ ቀን መሃል ላይ ሲደርስ ዳገቱ በጣም ይቆማል። ሌላ አምስት ቀን ካለፈና አስሩም 9300 ከሆኑ መስመሩ ዝርግ ይሆንና ትንበያው በራሱ ወደ 9300 ይመለሳል። በመሃል ያመነው ሰው ግን ገዝቷል።

እንዲህ ያለ ደረጃ በእኛ ገበያ ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያን ጊዜ በብር ዋጋ ላይ የተሰመረ መስመር የቡናን ሳይሆን የምንዛሪን ዝላይ ነበር ወደፊት የሚያስቀጥለው። ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ፦ የኤክስፖርት ቡና ትንበያ መስመሩን በዶላር ዋጋ ላይ አስምሩ፣ ወደ ብር የሚቀየረው መጨረሻ ላይ በዕለቱ ምንዛሪ ይሁን።

ተመልሶ የሚወርድ ዝላይም አለ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ብራዚል ላይ ውርጭ ሲመታ የኒውዮርክ ቡና በቀናት ውስጥ በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ከ2 ዶላር በታች ተመለሰ። የሚቆየውንና የሚመለሰውን ዝላይ መስመሩ አይለይም። ለሁለቱም መልሱ «ይቀጥላል» ነው።

አጥሩ

አጥሩን በግምት አታስቀምጡ፣ ከራሳችሁ መዝገብ አውጡት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄ ዋጋ በ14 ቀን ውስጥ በልማዱ ስንት በመቶ ይንቀሳቀሳል? የአንድ ዓመት ዋጋ ባለበት ሌላ ሺት ላይ፣ አዲሱን ከላይ አድርጋችሁ፣ ይህን C2 ላይ ጻፉና ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=IF(B16="", "", ABS(B2/B16-1))
```

ይህ በየቀኑ አንድ ረድፍ ላለው ሺት ነው። የሥራ ቀን ብቻ ከያዘ ሁለት ሳምንት ማለት 10 ረድፍ ስለሆነ `B16` በ`B12` ይተካ። ከዚያ፦

```
=PERCENTILE(C2:C366, 0.9)
```

የሚወጣው ቁጥር፣ ከአስር ጊዜ ዘጠኙን ዋጋው ከዚህ በላይ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ 6 በመቶ ወጣ እንበል። የትንበያው ሺት ላይ E2 ላይ፦

```
=IF(ISTEXT(D2), D2,
   IF(ABS(D2/B2-1)>0.06, "ከአጥር ውጭ", D2))
```

ለሰው የምታሳዩት E2ን ብቻ ነው። በዚህ አጥር የመጀመሪያው 8752 ያልፋል፣ 9539ም ከ9300 በ3 በመቶ ስለማይርቅ ያልፋል። 11008 ግን በ18 በመቶ ስለሚርቅ «ከአጥር ውጭ» ይባላል።

አንዳንዶች ከአጥር የወጣውን ትንበያ ወደ አጥሩ ጫፍ መልሰው ያስቀምጡታል፣ ማለትም 11008 ሲወጣ 9858 ብለው ያሳያሉ። ይህን አልመክርም። 9858 ማንም ያልተነበየው ቁጥር ነው። ተራ ትንበያ ስለሚመስል የሚያየው ሰው መስመሩ መበላሸቱን አያውቅም። መስመሩ ሲያብድ «አላውቅም» ማለቱ ይሻላል። በዚያ ሰዓት ለሂሳባችሁ የዛሬውን ዋጋ ራሱን ተጠቀሙ።

አጥሩም ወሰን አለው። እውነተኛ ትልቅ ጉዞ ሲጀመር ዝም ያሰኛችኋል። ያንን በመስመር ሳይሆን በዜናና በስልክ ነው የምትይዙት። ዓመቱ ሲለወጥም ቁጥሩን እንደገና አስሉት፤ በረጋ ዓመት የወጣ 6 በመቶ በተናወጠ ዓመት ጠባብ ነው።

የትናንቱን ትንበያ አትጣሉ

በየጠዋቱ አዲስ መስመር ሲሰራ የትናንቱ ትንበያ ይጠፋል። ስለዚህ መስመሩ ሁልጊዜ ትክክል የነበረ ይመስላል። በቀን አንዴ፣ ገበያ ከተዘጋ በኋላ፣ የE2ን ቁጥርና የዕለቱን ዋጋ ሌላ ገጽ ላይ በእሴት ብቻ ለጥፉ። ገበያው ገና ሳይዘጋ የተወሰደ ዋጋ በየሰዓቱ ትንበያውን ስለሚያወዛውዘው አትጠቀሙበት።

30 ያህል ትንበያ ሲጠራቀምና ቀናቸው ሲደርስ ሁለት ነገር አነጻጽሩ፦ መስመሩ ከእውነተኛው ዋጋ በአማካይ በስንት ብር ሳተ? «ዋጋው ባለበት ይቆያል» ብላችሁ ብትገምቱ ኖሮስ በስንት ብር ትስቱ ነበር? መስመሩ ከዚህ ተራ ግምት ካልተሻለ ለዚያ ምርት አጥፉት። ለአንዱ ምርት ሰርቶ ለሌላው ላይሰራ ይችላል፣ ስለዚህ የቡናውንና የበቆሎውን ለየብቻ መዝኑ።