ቮልስ ናት ወይስ ሴይቼንቶ?

በብዙ የአዲስ አበባ ቤት የአልበም ገጽ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ ከረባት ያሠረ ወጣት፣ ከጎኑ ክብ ጀርባ ያላት ትንሽ መኪና። ምስሉ ደብዝዟል፣ የፊት ምልክቷም አይነበብም። ልጆቹ «ቮልስ ናት» ይላሉ። እናት ግን የምታስታውሰው ሞተሯ ከኋላ እንደነበረ ብቻ ነው።

ይህ ትዝታ እውነት ቢሆንም አይለይም። የቮልስዋገንም የፊያት 600ም (ሴይቼንቶ የሚሏት) ሞተር ከኋላ ነው። እናትን «ፊያት ነበረች?» ብሎ መጠየቅም አይበጅም፤ ስሙን የሰማ ሰው ትዝታውን በስሙ ልክ ይሰፋዋል። የሚሻለው መኪናዋ ምን ይደረግላት እንደነበር መጠየቅ ነው። «ዳገት ስትወጡ ውሃ ይጨመርባት ነበር?» ቮልስ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ውሃ አትፈልግም። የሴይቼንቶ ሞተር ግን በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። እናት አባትየው መንገድ ላይ ቆሞ ውሃ ሲሞላ ትዝ ካላት፣ ነገሩ ወደ ሴይቼንቶ አጋደለ።

ቀጥሎ ፎቶው ይታያል። ምስሉን እያጎሉ ፊደል መፈለግ ድካም ነው፤ ሌንሱ ያልያዘውን ማጉላት አይመልሰውም። ይልቅ ምስሉን ራቅ አድርጎ ብዥታ የማያጠፋውን ትልልቅ ቅርጽ ማየት ይሻላል። የቮልስ ፓራፋንጎ ከበሩ ተለይቶ ያብጣል፣ በፊትና በኋላው ፓራፋንጎ መካከልም ከበሩ ሥር የእግር መረገጫ ይዘረጋል። የሴይቼንቶ ጎን ግን ለስላሳ ነው፣ መረገጫም የላትም። ርዝመቷም 3.2 ሜትር ገደማ ሲሆን ቮልስ ከ4 ሜትር ታልፋለች፤ ከጎኗ የቆመው ሰው እዚህ ላይ መለኪያ ይሆናል።

በእኛ ፎቶ ከበሩ ሥር ቀጥ ያለ ጥላ ብቻ አለ፣ መረገጫ የለም። የበሩ እጀታ ደግሞ ወደ ፊት ተጠግቶ ይታያል። ይህ ትልቅ ምስክር ነው፤ የቀድሞዋ ሴይቼንቶ በሮች ማጠፊያቸው ከኋላ ስለነበር የሚከፈቱት ከፊት በኩል ነበር። ፊያት ይህን የለወጠው በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ መኪናዋ የጣልያን ሥራ ከሆነች ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ፎቶው የተነሣበትን ዓመት ግን ይህ አይነግረንም፤ አሮጌ መኪና ገዝቶ ፎቶ የተነሣ ብዙ ነው።

ፍርዱ እዚህ ላይ ይገታል። በስፔን ሴአት፣ በዩጎዝላቪያ ዛስታቫ ይህችኑ መኪና በፈቃድ ሠርተዋታል፤ ሴአት እንዲያውም የድሮውን በር እስከ 1969 ይዞ ቆይቷል። ምልክቱ በማይነበብበት ፎቶ እነዚህን መለየት አይቻልም። የሞተሩን መጠን ከውጪ ማወቅም እንዲሁ። አባትየው ሰነድ የሚያስቀምጡበት ሳጥን ካለ ሊብሬው ይፈለግ፤ የፋብሪካው ስምና የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።