የበጀት ጉድለት፦ ክፍተቱን የሚሞላው ማነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት በመጀመሪያ ያጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 358.5 ቢሊዮኑ ከግብር፣ ከቀረጥና ከእርዳታ ይገኛል ተብሎ የሚጠበቅ ገንዘብ አልነበረም። መንግሥት ሊያወጣ ካቀደው ከእያንዳንዱ መቶ ብር 37ቱ ገደማ ገቢ አልነበረውም ማለት ነው። የበጀት ጉድለት የሚባለው ይህ ነው።

ጉድለት ከዕዳ ጋር ይምታታል። ጉድለት የአንድ ዓመት ክፍተት ሲሆን፣ ዕዳ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ክፍተቶች ተደማምረው የቆሙበት መጠን ነው። ዘንድሮ የሚሞላው ጉድለት በከፊል የከርሞ የወለድ ወጪ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የጉድለቱ መጠን ብቻ ብዙ አይነግረንም። ቁም ነገሩ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከአገር ውስጥ መበደር ነው። ዋናው መሣሪያ የግምጃ ቤት ሰነድ ይባላል። መንግሥት በጨረታ ይሸጠዋል፤ የመክፈያ ጊዜው 28፣ 91፣ 182 ወይም 364 ቀናት ነው። አሠራሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ባንክ 100 ሺህ ብር የተጻፈበትን የ364 ቀን ሰነድ በ87 ሺህ ብር ይገዛል። ቀኑ ሲደርስ መንግሥት ሙሉውን 100 ሺህ ይከፍለዋል። የ13 ሺህ ብሩ ልዩነት የባንኩ ትርፍ ነው፤ በዓመት 15 በመቶ ገደማ ወለድ እንደማለት ነው። ይህ ገንዘብ አዲስ የተፈጠረ አይደለም፤ አስቀማጮች ባንክ ያኖሩት ነው። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል። ለመንግሥት የተሰጠው ብር ለነጋዴው ወይም ለአምራቹ አይደርስም። በ2015 ዓ.ም. ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶ በሚሆን ገንዘብ የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙ ሲገደዱ፣ ብድር ጠያቂዎች ይህን ጥበት በቅርብ አይተውታል።

ሁለተኛው መንገድ ከውጭ መበደር ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣለች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ስለነበር በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይጠይቅ ነበር። የውጭ ብድር የአገር ውስጡን ባንክ አያጣብብም፣ የውጭ ምንዛሪም ያስገኛል። የሚመለሰው ግን በዶላር ነው። አንድ ዶላር በ57 ብር በሚመነዘርበት ጊዜ ያ የስድስት ወር ወለድ 1.9 ቢሊዮን ብር ያህል ይሆናል። ምንዛሪው 120 ብር ሲደርስ ደግሞ ያው 33 ሚሊዮን ዶላር አራት ቢሊዮን ብር ገደማ ይጠይቃል። አገሪቱ አንዲት ሳንቲም ሳትጨምር ብትበደርም ባትበደርም፣ በብር የሚቆጠረው ሸክም ከእጥፍ በላይ ያድጋል። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የዚህን ቦንድ ወለድ በጊዜው ባለመክፈሏ ዕዳቸውን መክፈል ካቆሙ አገሮች ተርታ ተመድባለች።

ሦስተኛው መንገድ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደር ነው። ከሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ጨረታ የለም፣ የሚለምኑት የውጭ አበዳሪም የለም። ባንኩ በመንግሥት ሒሳብ ላይ ገንዘቡን ይመዘግባል፣ መንግሥትም ለደመወዝ፣ ለመንገድ፣ ለጦር ያውለዋል። ይህ ገንዘብ ግን ማንም ያልቆጠበው አዲስ ብር ነው። ጤፉ፣ ዘይቱና ሲሚንቶው በዚያው ልክ ካልጨመረ፣ የበዛው ብር ያንኑ ዕቃ ሲያሳድድ ዋጋ ይወጣል። ደመወዙ ያልጨመረ መምህርና ጡረተኛ ክፍተቱን ከኪሳቸው ይሞላሉ፤ ማንም ድምፅ ያልሰጠበት ግብር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015፣ የዋጋ ንረትን ለመግታት ብሎ፣ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥተኛ ብድር ካለፈው ዓመት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍተቱን ሳይበደሩ ማጥበብም ይቻላል፤ ወጪን በመቀነስ ወይም ገቢን በመጨመር። ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አይመጣም። ወጪ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቆረጠው ካፒታል በጀቱ ስለሆነ መንገዱና ትምህርት ቤቱ ይዘገያል። ግብር ሲጨመር ደግሞ ሸማቹና ነጋዴው ወዲያው ይሰማቸዋል።

መበደር በራሱ ጥፋት አይደለም። ተበድሮ የተሠራው ግድብ ወይም መንገድ ከወለዱ በላይ ገቢ ካመጣ፣ ዕዳው ራሱን ይከፍላል። ለዕለት ፍጆታ የዋለ ብድር ግን የሚተወው ዕዳውን ብቻ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በጀቱ ለምክር ቤት ሲቀርብ አንባቢ ሦስት ነገሮችን ይመልከት፦ ጉድለቱ ስንት ነው፣ ከየትኛው ምንጭ ይሞላል፣ ለምንስ ይውላል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ዜናው ይመልሳል። የቀሩትን ሁለቱን ከተወካዮቻችን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።