የእንጨት ስንጥርን በመርፌና በወረንጦ ስለ ማውጣት



በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ለቤትና ለአጥር ሥራ የሚውለው እንጨት በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከእንጨት ስለሚገባ ስንጥር ብቻ ይሆናል። እንጨት እርጥበት ይመጥጣል፤ በሥጋ ውስጥ በቆየ ቁጥር እያበጠና እየለሰለሰ ሲሄድ በቀላሉ ይሰበራል። ጀርምም ተሸክሞ ይገባል። እንዲለሰልስ እያሉ እጅን በውኃ መዘፍዘፍ የማልመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ሰው የባሕር ዛፍ አጠና ሲያወርድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስንጥር መዳፉ ውስጥ ገባ እንበል። ስንጥሩ በቆዳው ሥር ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፤ ጫፉ ግን ተሰብሮ ስለ ቀረ ወረንጦው የሚይዘው ነገር የለም። የመርፌው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ሥራውም ስንጥሩን መቆፈር ሳይሆን ጫፉን መግለጥ ነው።

በመጀመሪያ እጅና ቁስሉ በሳሙና ታጥበው ይደርቃሉ። የመርፌውና የወረንጦው ጫፎች በ70 በመቶ አልኮል ይጸዳሉ። አልኮል ከሌለ የመርፌው ጫፍ እስኪቀላ በእሳት ይነድና ሳይነካ ይቀዘቅዛል፤ ጥላሸቱም በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ቀጥሎ በጥሩ ብርሃን ስንጥሩ የገባበትን አቅጣጫ እንለያለን። መርፌውን ወደ ጎን አጋድመን፣ በመግቢያው በኩል ከስንጥሩ በላይ ያለውን ስስ ቆዳ ብቻ ቀስ በቀስ እናነሣለን። ጫፉ ሲገለጥ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ አጥብቀን ይዘን፣ በገባበት ማዕዘን መልሰን እንስባለን። ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መሳብ ወይም ዙሪያውን መጭመቅ ስንጥሩን ይሰብረዋል።

የወጣውን ስንጥር አስቀድሞ ከታየው መስመር ጋር ማነጻጸር ይገባል። አጥሮ ከተገኘ፣ ወይም ቦታው በሚቀጥሉት ቀናት ከቀላ፣ ካበጠና መግል ከያዘ፣ ውስጥ የቀረ ስብርባሪ ሊኖር ይችላል። እንጨት በራጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይታይ፣ የራጅ ምስል ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ስንጥሩ ለመውጣቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ለዚህ አልትራሳውንድ ይሻላል።

መርፌ ወሰን አለው። በጥልቀት የገባ፣ ዓይን አጠገብ ያለ፣ ወይም ከጥፍር ሥር ርቆ የገባ ስንጥር የጤና ባለሙያ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ቁስሉ ዳግመኛ ታጥቦ ይሸፈናል። አፈር የነካው ስንጥር ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጉዳይ ይነሣል፤ ሰውየው ክትባቱን በሙሉ ወስዶ ከመጨረሻው ከ5 ዓመት በላይ ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ፈጽሞ ካልተከተበ ወይም ክትባቱን ካላሟላ፣ ቁስሉ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።