ሥራ ላለው ተፈታኝ የ14 ቀን የክለሳ ሰሌዳ

እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ።

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ቀን ሸማ እየሠራ ማታ የሚማር አንድ ሰው እናስብ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የቀረው 14 ቀን ነው። የማታው ትምህርት አብቅቷል፤ የሸማው ሥራ ግን አይቆምም። ይህን ጊዜ እንዴት ይከፋፍለው?

ብዙ ሰው ለሁሉም ትምህርት እኩል ቀን ይሰጣል። ይኼ አያዋጣም። የሚያውቀውን ደጋግሞ ሲያነብ የማያውቀው ይቀርበታል።

ስለዚህ 1ኛው ቀን እሑድ ይሁን። ደብተሩን ዘግቶ፣ ከአሮጌ ፈተና ላይ ከየትምህርቱ 20 ጥያቄ ይሥራ። ከዚያ የሳተውን ይቁጠር። ሒሳብ 13፣ እንግሊዝኛ 10፣ ኢኮኖሚክስ 9፣ ታሪክ 6፣ ጂኦግራፊ 4 ሳተ እንበል።

ከ2ኛው እስከ 12ኛው ቀን 11 ቀን አለ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያጥና፦ ሥራ ሳይጀምር ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። በጠቅላላው 22 ጊዜ ይሆናል። አሁን ለሁለት ስሕተት አንድ ጊዜ ይስጥ። ሒሳብ 7፣ እንግሊዝኛ 5፣ ኢኮኖሚክስ 5፣ ታሪክ 3፣ ጂኦግራፊ 2 ይደርሳቸዋል። ደምሩት፤ 22 ነው።

ሒሳብ የጧት ይሁን። ቀኑን ሙሉ ድርና ማግ ሲያይ የዋለ ዓይን ማታ ቁጥር ይስታል። ግን ሰባቱን ጧት አያከታትል። ሁለት ጧት ሒሳብ፣ አንድ ጧት እንግሊዝኛ እያለ ይቀጥል። የቀሩት ለማታ ይሁኑ፤ እነሱም ይፈራረቁ። አንድ ትምህርት ቆይቶ ሲመለስ ነው መያዙ የሚታወቀው።

ታዲያ መያዙን በምን ያውቃል? ወደ አንድ ትምህርት በተመለሰ ቁጥር፣ መጽሐፉን ሳይከፍት የሚያስታውሰውን 10 ደቂቃ ይጻፍ። ሲያነበው ገብቶት ነበር፤ መጻፍ ግን ካቃተው ገና አልያዘውም። ከዚያው ይጀምር።

ለቅሶ ወይም የበዓል ትእዛዝ አንድ ማታ ቢወስድበትስ? 8ኛው ቀን ሁለተኛው እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላውን ባዶ ይተወው፤ የጎደለው በዚያ ይሞላል። ከእንቅልፉ ግን አይቀንስ።

በ13ኛው ቀን የሌላ ዓመት ፈተና በሰዓት ይዞ ይሥራ። ሒሳብ ላይ ከ20 የሚስተው ከ13 ወደ 8 ቢወርድ ሰሌዳው ሠርቷል ማለት ነው። በ14ኛው ቀን አዲስ ነገር አይጀምር፤ የሳታቸውን ብቻ ይመልከት።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ መፈተን ጀምረዋል። ግቢ መግባት ካለበት፣ 14ቱን ቀን የሚቆጥረው እስከ መግቢያው ቀን ነው። ለደንበኞቹም ሸማው መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ይንገራቸው።

በሉ፣ አሁን የራሳችሁን ስሕተት ቁጠሩና ሰሌዳውን ጻፉ። ደኅና ሁኑ።