የሐሮማያ ሐይቅ በቀስት ሥዕል

ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃ ትቀዳበት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ እንዴት ደረቀ? ደለሉን ትተን የውኃ አጠቃቀሙን ብቻ በቀስት እንሣል። የጫት ገቢ ሲጨምር ፓምፕ ይበዛል፤ ፓምፕ ሲበዛ በመስኖ የሚለማው ማሳ ይሰፋል፤ ገቢውም መልሶ ይጨምራል። ቀስቶቹ ሁሉ የመደመር ምልክት አላቸውና ይህ ራሱን የሚያጎለብት ዑደት ነው።

ፓምፑና የከተማው ቧንቧ ብዙ ሲስቡ ግን ሐይቁ ይጎድላል፤ በዚህ ቀስት ላይ የመቀነስ ምልክት እናኖራለን። ሐይቁ ሲጎድል የሚሳበው ውኃ ያንሳል። የመቀነስ ምልክቱ አንድ፣ ማለትም ጎዶሎ፣ በመሆኑ ዑደቱ የሚገታ ነው። ነገር ግን ውኃው ሲሸሽ ቧንቧው ስለሚረዝም፣ መግታቱ እጅግ ይዘገያል።

ኮሚቴዎቻችን የከተማቸውን እጥረት ሲሥሉ፣ ከአዲሱ ጉድጓድ ወደ ነዋሪው ብዛት የሚሄደውን ቀስት ከዘነጉ፣ ሥዕሉ ጉድጓዱ እጥረቱን ለዘለቄታው የፈታ አስመስሎ ያሳያቸዋል።