ትዝታው የየትኛው ዓመት ነው?

በልብ ወለድ ውስጥ አንባቢ ዘመኑ የሚምታታበት በአብዛኛው ወደ ትዝታው ሲገባ ሳይሆን ከትዝታው ሲመለስ ነው። ለምሳሌ ታሪኩ በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ይካሄዳል፤ የ31 ዓመት ሴት ቡና እየቆላች ሳለ ጭሱ ወደ 1977ቱ የወሎ ድርቅ ይወስዳታል። የመግቢያው ዓረፍተ ነገር ዘመኑንና ቦታውን አብሮ መያዝ አለበት። «በሰባ ሰባት፣ ወሎ ሳሉ፣ እናቷ የቀረቻቸውን አንድ ጭብጥ ቡና ቆልታ ነበር» ቢባል አንባቢው ወዲያው ይሻገራል።

«ቆልታ ነበር» የሚለው ግስ ድርጊቱን ከታሪኩ አሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህ ግን ለአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ «ቀዳች»፣ «ዝም አለች» እያሉ በተራ ኀላፊ ጊዜ መቀጠል ይሻላል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በ«ነበር» ሲያልቅ ትረካው ይጎተታል፤ ጆሮም ይሰለቻል።

መመለሻው የተተወውን ዕቃ መልሶ ማንሳት ነው፦ «ምጣዱ ላይ ያለው ቡና አርሮ ነበር።» ቡናው ማረሩ ወደ 1998 መመለሷን ብቻ ሳይሆን በሐሳብ ምን ያህል እንደቆየችም ይናገራል። በትዝታው ውስጥም የእናቲቱ ቡና ካረረ ግን ምልክቱ ይከሽፋል።

ደራሲው ለራሱ ዓመትንና ዕድሜን ጎን ለጎን ቢጽፍ ስሕተቱ ቶሎ ይታያል፤ በ1998 ዓ.ም. 31 ዓመት የሞላት ሴት በ1977 አሥር ዓመቷ ነው። ታሪኩ ውጭ አገር የሚሻገር ከሆነ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ አንድ መሆን አለበት፤ 1977 ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. 1985 ተቀላቅለው ከቀረቡ አንዱ ድርቅ ሁለት ይመስላል።